ሁለት መስመር አየሁ፣ ከ4 ቀን በኋላ ፔሬዴ መጣ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም?

ትዕግስቴ_አለቀ · ጥቅምት 9፣ ማታ 3 ሰዓት

ሰላም እህቶቼ። ይህን ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፔሬዴ እንደ ሰዓት ነው። በ28 ቀን ይመጣል፣ ቢዘገይ አንድ ቀን። ያለፈው መስከረም 8 ነው የጀመረኝ፣ ስለዚህ ጥቅምት 6ን ነበር የምጠብቀው። ከተጋባን 1 ዓመት ከ2 ወር ሆኖናል፣ ልጅ እየሞከርን ነው። ትዕግስት ስለሌለኝ (ስሜን እዩት) ጥቅምት 4 ጠዋት ስትሪፕ ነከርኩ። መስመር! በጣም ፈዛዛ ነው ግን አለ። መስኮት ጋ ወሰድኩት፣ አምፖል ስር አደረግኩት፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ አሳድጌ አየሁት። በ5 ጠዋት ሌላ ነከርኩ፣ ይሄኛው በደንብ ሮዝ ነው። ባሌን ቀስቅሼ አሳየሁት፣ እሱ ዓይኑን እያሸ «የቱ ጋ ነው?» ይለኛል። በኋላ አየው፣ ከዚያ ያን ቀን ሥራም አልሄደ።

በ6 ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ቤታ 29 አሉኝ። ዶክተሩ «ትንሽ ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይደገም» አለ። በ7 ጠዋት የነከርኩት ስትሪፕ ከ5ቱ ደከም አለብኝ፣ ሽንቴ ቀጥኖ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በ8 ሊነጋጋ ሲል ሆዴን ቆርጦኝ ነቃሁ፣ ፔሬዴ መጥቷል። ሞዴሴን አድርጌ ያንኑ ጠዋት ሄጄ ደም ሰጠሁ። 11። ዶክተሩ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ኬሚካል ፕሬግናንሲ ነው፣ ምንም አይደለም፣ ፔሬድሽ ነው የመጣው» አለና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ።

እና ጥያቄዬ፣ ነፍሰ ጡር ነበርኩ ወይስ ስትሪፑ ነው የዋሸኝ? ውርጃ ነው የሚባለው? እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ? በ5 ከሰዓት አንሶላ በእጄ አጥቤያለሁ። ቡናም በቀን ሦስቴ ነው የምጠጣው። ለእናቴ ነግሬያት ነበር፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

---

የቡና_ሱሰኛ · ጥቅምት 9፣ ማታ 3:20

ውዴ ስትሪፑ ነው፣ አትጨነቂ። እኔም አምና ጠዋት ነክሬ አንድ መስመር ብቻ አይቼ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ትቼው ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ። ለእህቴ ፎቶ ላክሁ፣ እሷ ለአክስቴ፣ አክስቴ እልል አለች። በነጋታው ብነክር ምንም የለም። ፋርማሲ ያለው ልጅ ነው ደርቆ ነው ያለኝ። ርካሾቹ ስትሪፖች እንዲህ ያደርጋሉ።

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 9፣ ማታ 4:05

የቡና ሱሰኛ፣ ያንቺ እውነት ደርቆ ነው። የሷ ግን ሌላ ነው። እስቲ ለይተን እንየው፣ ምክንያቱም ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታል።

ስትሪፕ የሚነበበው በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ቢበዛ በ10። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ሲደርቅ ቀለሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥላ የመሰለ ጭረት ሊተው ይችላል። ያ ጭረት ግራጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሮዝ የለውም። ማታ የታየ መስመር ምንም ቢመስል አይቆጠርም። እሷ ግን ወዲያው አይታዋለች፣ በነጋታው ደምቋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደም ውጤት አላት። 29 ማለት በደምሽ ውስጥ የእርግዝና ሆርሞን ነበር ማለት ነው። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከ5 በታች ነው የሚኖራት።

እህቴ፣ ቀኖችሽን ይዤ ልቁጠርልሽ። ፔሬድሽ መስከረም 8 ከጀመረ እንቁላል የወጣው ከ21 እስከ 22 ባለው ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ጽንሱ ወርዶ ማህፀን ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ነው፣ ማለትም መስከረም 29 ወይም 30፣ ወይ ደግሞ ጥቅምት 1 ወይም 2። ከተጣበቀ በኋላ ነው ሆርሞኑን ወደ ደምሽ መልቀቅ የሚጀምረው። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጠው ስትሪፕ ደግሞ 25 አካባቢ ሲደርስ ነው የሚይዘው። በ4 ፈዞ፣ በ5 ደምቆ የታየሽ ለዚህ ነው። በትክክል እየጨመረ ነበር።

ከዚያ ቆመ። የሚቀጥል እርግዝና ቢሆን 29 በሁለት ቀን ውስጥ ቢያንስ 43፣ 44 ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜም እጥፍ ይሆናል። ያንቺ 11 ሆነ። ይህ ሆርሞን የሚያመነጨው አካል ሲቆም በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ 29 በሁለት ቀን 11 መግባቱ ልክ የሚጠበቀው ነው።

ስለዚህ አዎ፣ ነፍሰ ጡር ነበርሽ፣ ለጥቂት ቀን። ስትሪፑም አልዋሸም፣ ዶክተሩም አልተሳሳተም፣ የተናገረበት መንገድ ግን እኔንም አናዶኛል። «ምንም አይደለም» ያለው ሰውነትሽን ለማለት ነው። መጥረግ አያስፈልግም፣ መድኃኒት አያስፈልግም፣ ማህፀንሽ አልተጎዳም።

አንሶላውንና ቡናውን ተያቸው። እንዲህ ቶሎ የሚቋረጠው አብዛኛው ጽንሱ የክሮሞዞም ቁጥሩ ተዛብቶ ስለሚፈጠር ነው፣ እንቁላሉና የወንዱ ዘር ሲገናኙ ወይም መጀመሪያ ሲከፋፈል። አንሶላውን ያጠብሽ ቀን ነገሩ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

አንድ ነገር ግን ይቀርሻል። 11 ዜሮ አይደለም። ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው፣ ከ5 በታች እስኪገባ። ለምን እንደሆነ ነገ እጽፋለሁ፣ ተረኛ ነኝ።

---

እናት_ዓለም · ጥቅምት 9፣ ማታ 4:30

ልጄ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ አምስት ወልጃለሁ። በኛ ጊዜ ስትሪፕ የሚባል የለም። ሁለት ቀን ቀረ፣ መጣ፣ አለቀ። «ዘንድሮስ ብርዱ ነው ያዘገየው» እንላለን እንጂ ማን ያለቅሳል? ይህን ሁሉ ያመጣባችሁ መንከሩ ነው። ፔሬድ ሳምንት እስኪያልፍ ጠብቂ፣ ከዚያ ተመርመሪ። ለእናትሽም አትዘኚ፣ እናት ይሄን ታልፋለች።

---

ትዕግስቴ_አለቀ · ጥቅምት 9፣ ማታ 5:10

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። 43 የሚለውን ሳነብ አለቀስኩ፣ ግን ደስ ያለኝም ይመስለኛል። እብድ መስዬ ነበር ለራሴ፣ ያየሁትን አላየሁም የተባልኩ ያህል።

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ባልነክር ሁለት ቀን ዘገየ ብዬ ነበር የማልፈው። ግን አይቻለሁ አይደል፣ አሁን እንዴት አላየሁም ልበል?

---

ሆለታ_ነኝ · ጥቅምት 10፣ ጠዋት 1 ሰዓት

እኔ አበባ እርሻ ነው የምሠራው፣ ግሪንሃውስ ውስጥ። ይሄ የኬሚካል እርግዝና የሚባለው እኛንም ይይዘናል ማለት ነው? መድኃኒት ከተረጨ በኋላ እንገባለን፣ አንዳንዴ ጓንት የለም። ሁለት ጓደኞቼ ወርዶባቸዋል። አንቺ የምትሠሪው ምን ኬሚካል ነው?

---

የቡና_ሱሰኛ · ጥቅምት 10፣ ጠዋት 1:15

ኧረ እኔም እንደዛ መስሎኝ ነበር ሃሃ። ፀጉሬን ሪላክሰር የተቀባሁበት ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 10፣ ከሰዓት 8 ሰዓት

ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ኬሚካል የተባለው በላብራቶሪ ምርመራ ብቻ ስለሚታወቅ ነው፣ ሽንትና ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን በማየት። በአልትራሳውንድ የሚታይ ነገር ገና የለም። ከረጢቱ የሚታየው ወደ 5 ሳምንት ሲጠጋ ነው፣ እሱም በውስጥ በኩል በሚገባው። ይሄኛው ከዚያ በፊት ያልቃል። ከሪላክሰርም ከአበባ መድኃኒትም ስሙ አይገናኝም።

ሆለታ፣ ያንቺ ጥያቄ ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ በዚህ ውስጥ እንዳይጠፋብሽ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም። ከተረጨ በኋላ ለመግባት የሚጠበቅ ሰዓት አለ፣ መድኃኒቱ እቃ ላይ ተጽፏል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም እየሞከርሽ ከሆነ ለአለቃሽ ተናገሪና ወደ ማሸጊያው ወይም ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወሪ ጠይቂ። ለብቻው ክር ክፈቺ፣ እኔም እመጣለሁ።

ትናንት ቃል የገባሁት። 11 ለምን መደገም አለበት? ቤታ ትንሽ ሆኖ የሚጀምርና በቀስታ የሚሄድ ሌላ ነገር ስላለ ነው፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና። እሱም መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ይኖረዋል፣ እሱም ደም ያሳያል፣ ሴትየዋም ፔሬዴ መጣ ብላ ትቀመጣለች። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው። ኬሚካሉ ይወርዳል ይወርዳል ይጠፋል። ቱቦ ውስጥ ያለው ትንሽ ይጨምራል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይወርድና ደግሞ ይነሳል። ያንቺ በፍጥነት ስለወረደ እኔ ብዙም አልሰጋም፣ ግን በሁለት ቁጥር አይዘጋም።

---

የቤቱ_ትልቅ · ጥቅምት 10፣ ማታ 1:40

ሲስተር ያለችውን አጥብቃችሁ ያዙ። የታናሽ እህቴ ነገር ነው።

አምና ስትሪፕ ነክራ ፈዛዛ መስመር አየች። ከሦስት ቀን በኋላ ደም መጣ፣ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ከወትሮው ያነሰ። የሄደችበት ቦታ «ቶሎ የወረደ ነው፣ ሂጂ አረፍ በይ» አሏት። ደም አልወሰዱም፣ ቁጥርም የለም። እሷም አመነች። ከ10 ቀን በኋላ እንደ ቀልድ የተረፋትን ስትሪፕ ብትነክር ከመጀመሪያው የደመቀ መስመር። እኛ ደግሞ ተደሰትን እኮ! «አልወረደም ለካ» ብለን። እናቴ ገንፎ ለማገንፋት ዱቄት ስታዘጋጅ ነበር።

በማግስቱ ማታ በግራ በኩል ከታች ወጋኝ አለች፣ ጋዝ ነው ብላ ተኛች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትከሻዬን አመመኝ ብላ ተነሳች። ትከሻ! ማን ከማህፀን ጋር ያገናኘዋል። ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች። ሆስፒታል ስንደርስ ቱቦው ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቷል። በዚያው ሌሊት ቀደዷት፣ ሦስት ከረጢት ደም ሰጧት። ዛሬ ደህና ናት፣ አንድ ቱቦ አላት።

---

ትዕግስቴ_አለቀ · ጥቅምት 10፣ ማታ 2 ሰዓት

ወይኔ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ትከሻ ለምን?

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 10፣ ማታ 2:25

ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ወደ ላይ ሄዶ ድያፍራሙን ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው፣ ነርቩ አንድ ነው። ስትሪፕ አዎንታዊ ሆኖ ትከሻ ካመመ፣ ወይም ባንድ በኩል ሆድ ውስጥ ወጋ ወጋ ካደረገ፣ ወይም ዓይን ከጨለመ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የተራው ደም ደግሞ ምን ይመስላል ለሚል፣ እንደ ወትሮ ፔሬድ ነው። ቁርጠቱ ትንሽ ይበረታል፣ ትንሽ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ሞዴስ በሰዓት አንዴ እየሞላ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ ግን ያ ፔሬድ አይደለም፣ ሂዱ።

---

ሚሚ_ቦሌ · ጥቅምት 10፣ ማታ 3 ሰዓት

ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁ፣ ፕሮጄስትሮን ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ልክ እንደሷ ሆንኩ። ሌላ ዶክተር ጋ ሄድኩ፣ ፕሮጄስትሮን አንሶሻል ብሎ በማህፀን የሚገባ ክኒን ሰጠኝ። ሦስተኛው ያዘ፣ አሁን 2 ዓመቱ ነው፣ ቤቱን እያፈረሰው ነው። እህቴ ለሚቀጥለው ወር አሁኑኑ ጀምሪ።

---

ቨርጂኒያ_ያለሁት · ጥቅምት 10፣ ሌሊት 7 ሰዓት (እዚህ ገና ቀን ነው)

ሚሚ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጁን ያሳድግልሽ። ግን እኔ ፕሮጄስትሮን በጡንቻዬ እየተወጋሁ፣ በየቀኑ፣ መቀመጫዬ ድንጋይ እስኪሆን፣ ኬሚካል ሆነብኝ።

አይቪኤፍ ነው የሠራነው፣ የቀዘቀዘ ጽንስ ነው የገባልኝ። በ10ኛው ቀን ቤታ 18 አሉ። ነርሷ ድምፅዋ ሲለወጥ በስልክ ገባኝ። ከሁለት ቀን በኋላ 9። እና ታውቃላችሁ፣ ደም አልመጣም! መርፌው ይዞት። «አቁሚው» ሲሉኝ አቆምኩ፣ በ3ኛው ቀን መጣ። ስለዚህ ክኒኑ ደሙን ይይዘዋል እንጂ የቆመውን አያስኬደውም፣ በኔ የደረሰው ይህ ነው።

ሌላ ለአይቪኤፍ ሰዎች፣ እንቁላል ማብሰያ የሚሰጠው የመጨረሻው መርፌ ራሱ ያው የእርግዝና ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ከ10 እስከ 14 ቀን ሽንት ላይ ይታያል። መጀመሪያው ዙራችን ላይ በ6ኛው ቀን ነክሬ ሁለት መስመር አይቼ ጨፈርኩ፣ መርፌውን ነበር ያየሁት። ያኛው ኬሚካል እንኳን አልነበረም፣ ምንም አልነበረም።

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 11፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሚሚ፣ አልቃወምሽም፣ ልጅሽ እዚያ አለ። ግን አካሄዱን ልንገርሽ። ፕሮጄስትሮኑን የሚሠራው እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ነው። ጽንሱ «እኔ አለሁ፣ አትቁም» የሚለው በዚያው ስትሪፕ ላይ በምናየው ሆርሞን ነው። ጽንሱ ሲደክም መልእክቱ ይደክማል፣ ያኛው ሥራውን ያቆማል፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ፔሬድ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ደም ብትወስጂ በእርግጥ አንሶ ታገኚዋለሽ። ብዙ ጊዜ መውረዱ ውጤት ነው እንጂ መነሻ አይደለም። ሁለቴ ሆኖባቸው ያለ ምንም ክኒን ሦስተኛው የያዘላቸው ብዙ አይቻለሁ።

ክኒኑ ቀደም ሲል ወርዶባቸው አሁን እርግዝናው ታውቆ ደም ለሚያዩ ይረዳል የሚል ማስረጃ አለ። ለአንድ ኬሚካል ግን ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ መዋጥ፣ ያውም እንቁላል ሳይወጣ፣ ጭራሽ እንቁላሉን ሊያስቀር ይችላል። «አሁኑኑ ጀምሪ» ያልሽውን ለዚህ ነው የምቃወመው።

---

ሚሚ_ቦሌ · ጥቅምት 11፣ ጠዋት 3:30

የኔ ዶክተር እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው ያዘዘልኝ፣ እሱን አልጻፍኩም፣ ይቅርታ። ግን እኔ በክኒኑ ነው የማምነው። ያለሱ ሁለት አጣሁ፣ በሱ አንድ አገኘሁ።

---

ዝምተኛው_ባል · ጥቅምት 11፣ ምሳ ሰዓት

ወንድ ነኝ፣ ብጽፍ ትፈቅዳላችሁ ብዬ ነው። ሚስቴ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆናለች፣ በ14 ወር ውስጥ። ሦስቱንም ጊዜ ደም መርምረዋል፣ 40፣ 62፣ መጨረሻው 33 ነበር፣ ከዚያ ወረደ። ለሦስት ሐኪም አሳይተናል። ሁለቱ «ይህ ውርጃ አይባልም፣ አይቆጠርም፣ መሞከር ቀጥሉ» አሉ። አንደኛዋ «ይቆጠራል፣ እንመርምር» አለች። የቱን እንመን? እሷ ከእንግዲህ አልነክርም ብላ ስትሪፕ ከቤት ጥላለች። እኔ ደግሞ በድብቅ ቀኑን እቆጥራለሁ።

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ወንድሜ እንኳን ጻፍክ። ሐኪሞቹ የማይስማሙት ስላላወቁ አይደለም፣ መመሪያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። የአውሮፓው የሥነ ተዋልዶ ማኅበር በ2017 ባወጣው ላይ በሽንት ወይም በደም የተረጋገጠ ከሆነ ይቆጠራል፣ ሁለት ከሞላም ምርመራ ይጀመር ይላል። የአሜሪካኖቹ በአልትራሳውንድ ወይም በላብራቶሪ በቲሹ የታየውን ነው ሲቆጥሩ የኖሩት። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሦስት ከሆነ የሦስተኛዋን ሐኪም እሰማለሁ። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የደም መርጋት ችግር የሚያመጡ ፀረ እንግዳ አካላት፣ የማህፀን ቅርጽ፣ የሁለታችሁም ክሮሞዞም። ያንተም ጭምር፣ እሷን ብቻ አትላካት።

---

ቨርጂኒያ_ያለሁት · ጥቅምት 11፣ ሌሊት 6 ሰዓት

እዚህ የኔ ዶክተር አይቆጥረውም፣ ፋይሌ ላይ «ዜሮ ውርጃ» ነው የሚለው። ሳየው ይከነክነኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ሁለት ኬሚካል ያላት ሴት ሁሉ ያን ሁሉ ምርመራ ብታደርግ አብዛኛዋ ምንም አይገኝባትም፣ ገንዘቧ ነው የሚያልቀው። ሲስተር፣ አዲስ አበባ ላይ የሁለት ሰው የክሮሞዞም ምርመራ ስንት ነው?

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ውድ ነው፣ ናሙናውም ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ይላካል። ለዚህ ነው ከታይሮይድና ከስኳር ይጀመር የምለው። ሌላውን ከሐኪሟ ጋር ተራ በተራ። ግን «አይቆጠርም» ብሎ መመለስን አልቀበልም።

---

የቡና_ሱሰኛ · ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2:40

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይሄ ነገር ስንቱን ሰው ነው የሚደርሰው? እዚህ ክር ላይ ብቻ ስንት ሆንን።

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 12፣ ምሳ ሰዓት

በ1988 የወጣ የነዊልኮክስ የሚባል ጥናት አለ፣ ትምህርት ቤት አስተምረውናል። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ልጅ የሚሞክሩ 221 ሴቶች በየቀኑ የጠዋት ሽንታቸውን እየያዙ አቀዘቀዙ። በኋላ ሲመረመር 198 እርግዝና ተገኘ። ከነሱ 22 በመቶ የሚሆነው በሐኪም ሳይታወቅ ነው ያለቀው። ከአምስት አንድ በላይ ማለት ነው። እናት ዓለም፣ እርስዎ «ብርዱ ነው ያዘገየው» ያሉት ወር ምናልባት እንዲህ ነበረ።

---

እናት_ዓለም · ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አይ ልጄ። አሁን ይህን ስትይ ሦስተኛዋን ከመውለዴ በፊት አንድ ወር ትዝ አለኝ። አምስት ቀን ዘግይቶ መጣና እንደ ውኃ ፈሰሰ። ለማንም አልተናገርኩም። 31 ዓመት ሆነው። ምን ታስታውሽኛለሽ።

---

ትዕግስቴ_አለቀ · ጥቅምት 15፣ ማታ 2 ሰዓት

ተመልሻለሁ። ዛሬ ደም ሰጠሁ፣ ሌላ ቦታ ሄጄ። «ከ2 በታች» ይላል ወረቀቱ። ስትሪፕም ነክሬ ነበር ጠዋት፣ አንድ መስመር። በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው ያነበብኩት ሲስተር፣ ከዚያ ጣልኩት፣ ማታ ላይ እንዳላየው። ደሙ በ5ኛው ቀን ቆመ፣ ከወትሮው አንድ ቀን ረዝሟል።

እናቴን ደወልኩላት። «ቀረ እማዬ» አልኳት። ዝም አለችና «እኔም ከአንቺ በፊት አንድ ነበረኝ» አለችኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ ዛሬ ነው የሰማሁት።

የ5ቱን ስትሪፕ ግን መጣል አልቻልኩም። የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ነው። ባሌ አይቶታል፣ ምንም አላለም።

ሲስተር፣ አሁን የምቆጥረው ከየትኛው ነው? ከመስከረም 8 ወይስ ጥቅምት 8 ከጀመረው? እና አንድ ወር መጠበቅ አለብን ይላሉ፣ እውነት ነው?

---

አዋላጅ_ነኝ · ጥቅምት 15፣ ማታ 4 ሰዓት

ጥቅምት 8 አንደኛ ቀንሽ ነው። የሚቀጥለው እንቁላል በ21፣ 22 አካባቢ ሊወጣ ይችላል፣ ጥቂት ቀን ቢዘገይም አትደንግጪ። ቤታው ስለወረደ ወር ጠብቁ የሚያሰኝ የሕክምና ምክንያት የለም። ዝግጁ ካልሆናችሁ ግን ሌላ ነው፣ ያን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፎሊክ አሲድሽን አታቋርጪ።

ስትሪፕ መንከሩን ደግሞ እትዬ እናት ዓለም እንዳሉት ትንሽ አዘግይው። ከኅዳር 6 በፊት አትንከሪ፣ ያ ከጥቅምት 8 በኋላ 28 ቀን ነው።

---

ትዕግስቴ_አለቀ · ጥቅምት 15፣ ማታ 4:06

እሺ። ኅዳር 6።

(ኅዳር 4 የማልችል ይመስለኛል ግን እሺ።)

---

ዝምተኛው_ባል · ጥቅምት 16፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ትናንት ማታ ይህን ክር ለሚስቴ አነበብኩላት። የ31 ዓመቱ ጋ ስደርስ ስልኩን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ሰኞ ሦስተኛዋ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዘናል። ሦስቱንም ቀንና ቁጥር በወረቀት ጽፌያለሁ። ሌላ ይዘን መሄድ ያለብን ነገር አለ?